የብድር መክፈያ ፖስተሬ፣ 21 ምላሾችና አንድ ባዶ ሳጥን

ባለፈው ሳምንት አንድ ጥያቄ ለጥፌ ነበር። ምላሹ 21 ደርሶ ቆመ። መሃል ላይ ወሬው ወደ ቤንዚን ሰልፍ ሁሉ ሄዷል። አሁን ለምትመጡ ሰዎች ሁሉንም ማንበቡ እንዳይሰለቻችሁ፣ የሆነውን በራሴ አፍ ላውጋችሁ። ቁጥሮቹ የምላሾቹ ተራ ናቸው።

መጀመሪያ ጥያቄዬ። ጅማ ውስጥ ግራፊክስ እሠራለሁ። የሠርግ ካርድ፣ የሱቅ ታፔላ፣ የቡና ማሸጊያ፣ የመጣውን ሁሉ። አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ፖስተር አዘዘኝ። ብድር እንዴት እንደሚመለስ በቀላል ደረጃዎች የሚያሳይ፣ ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ቆሞ የሚያየው። የሰጡኝ መረጃ ሦስት መስመር ነው። ብድሩ 24,000 ብር፣ ጊዜው 12 ወር፣ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ። በቃ።

ሠራሁት። አምስት ደረጃ አለው። አንደኛው ላይ ብድሩን መውሰድ፣ ሁለተኛው ላይ በየወሩ መክፈል። ሦስተኛው ላይ ዋናውና ወለዱ እንደ ድፎ ዳቦ የተቆረሱበት ክብ አለ። አራተኛው ላይ ከወር ወር እያጠሩ የሚሄዱ 12 ዘንጎች። አምስተኛው ላይ የሳንቲም ክምርና ፈገግ ያለች ሴት። ኩራት ኩራት አለኝ።

ከዚያ ሄርማታ መርካቶ ቅመም ለምትሸጥ ደንበኛዬ አሳየኋት። ብድር ወስዳ የመለሰች ሰው ናት። ስልኬን ተቀብላ ብዙ ደቂቃ አየች። በበርበሬ የቀላ ጣቷን ክቡ ላይ አሳርፋ፣ ሰኞ ይዛ የምትመጣው ገንዘብ የትኛው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዝም አልኩ። ፖስተሩ ላይ አምስት ሥዕል፣ ሁለት መቶኛና አንድ ፈገግታ አለ። የሚከፈለው ብር ግን የትም አልተጻፈም።

እናም ሥዕሉን ለጥፌ ምን ላስቀድም፣ ምን ልጣል ብዬ ጠየቅኩ።

ምላሽ 1 ምስጋና ነው። ቀለሙን ወደዱት፣ ወንድሜ በርታ አሉኝ። ሴት ነኝ፤ ግን ምርቃት አይመለስም። ምላሽ 2 ጥያቄዬን ሳያነብ የመጣ ልጅ ነው። ማኅበሩ የት እንደሆነ፣ ለመበደር ስንት ወር መቆጠብ እንደሚያስፈልግ፣ ዋስ ይጠይቁ እንደሆነ ጠየቀ። 3 እና 4 ለእሱ መልስ ለመስጠት ተሻሙ። እኔን ያስታወሰኝ የለም።

ነገሩ የተጀመረው ምላሽ 5 ላይ ነው። በብድር ሥራ ብዙ ዓመት የቆዩ ሰው ናቸው። ክሩ ውስጥ ሁሉም ጋሼ እያለ ስለጠራቸው እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ። ትችት አልሰነዘሩም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። 18 በመቶው የሚታሰበው በምን ላይ ነው? መጀመሪያ በተወሰደው 24,000 ላይ ነው ወይስ በየወሩ በሚቀረው ዕዳ ላይ? ይህን ሳያውቁ አንድ መስመር እንኳ ማስመር እንደማይቻል ጻፉ።

ከዚያ ሁለቱንም በቁጥር አሳዩን። ወለዱ ዓመቱን ሙሉ በ24,000 ላይ ከታሰበ 4,320 ብር ይሆናል። ሰውየው በጠቅላላው 28,320 ይመልሳል። ለ12 ሲካፈል በየወሩ 2,360 ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይለወጥም። በብድር ቢሮዎች ፍላት የሚሉት ይህን ነው።

ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ከታሰበ ግን ሌላ ነው። በየወሩ ከዋናው 2,000 ይከፈላል። በወር 1.5 በመቶ ስለሆነ የመጀመሪያው ወር ወለድ 360 ብር ነው። በሁለተኛው ወር ዕዳው 22,000 ስለሆነ ወለዱ 330። በሦስተኛው 300። እንዲህ በ30፣ በ30 እየወረደ በመጨረሻው ወር 30 ብር ብቻ ይቀራል። የዓመቱ ወለድ ሲደመር 2,340 ነው። ከፍላቱ በ1,980 ብር ያንሳል።

ጋሼ ቀጥለው የጻፉት ነው ያስደነገጠኝ። በሁለቱም መንገድ የመጀመሪያው ወር ክፍያ አንድ ነው፣ 2,360። ስለዚህ ተበዳሪው የመጀመሪያ ደረሰኙን ይዞ ሲወጣ በየትኛው መንገድ እንደተበደረ ከክፍያው ሊያውቅ አይችልም። የሚታወቀው ሁለተኛው ደረሰኝ ላይ ነው። 2,330 ከሆነ ወለዱ በቀሪው ላይ ነው። እንደገና 2,360 ከሆነ ፍላት ነው።

የእኔ ዘንጎች እያጠሩ ይሄዳሉ። ለምን እንዲያጥሩ አደረግኩ? እውነቱን ልናገር፣ ደረጃ ስለሚመስሉ ያምራሉ። ማኅበሩን አልጠየቅኩም።

ምላሽ 6 መምህር ናቸው። ጋሼን ደግፈው ገቡና አንድ እርምጃ አለፉ። ፍላት ማለት ልክ እጥፍ ነው፣ 18 ያለህ ሰው 36 ነው የሚያስከፍልህ ብለው ደመደሙ። ፖስተሩ ላይ በቀይ ይጻፍልኝም አሉ።

ጋሼ በምላሽ 7 በትህትና አረሙ። አቅጣጫው ልክ ነው፣ ቁጥሩ ግን አይደለም። ተበዳሪው 24,000ውን ዓመቱን ሙሉ አይዘውም። በየወሩ ስለሚመልስ በአማካይ እጁ ላይ የሚቆየው ከግማሹ ትንሽ በለጥ ይላል። ወለዱ ግን በሙሉው ላይ ነው የሚቆጠረው። ለዚህ ነው 18 የተባለው በቀሪ ዕዳ ሂሳብ ሲለካ ወደ 32 የሚጠጋው። 36 አይሞላም። ግድግዳ ላይ 36 ብሎ የጻፈ ሰው፣ ማኅበሩ አስልቶ ስህተቱን ሲያሳየው ሌላውም ቃሉ አብሮ ይወድቃል አሉ። መምህሩ ኋላ በምላሽ 10 ለሕዝብ የሚሆነው ቀላሉ ቁጥር ነው ብለው ቆረጡ። አልተስማሙም።

ምላሽ 8 እኔን ቀጥ አድርጎ ያዘኝ። የሙያ ባልደረባዬ ነው፣ ጅማ አድጎ አሁን አዲስ አበባ የሚሠራ። ሰላምታ የለም። ሦስት ነገር አነሳ፣ ሦስቱም አመመኝ።

የሳንቲም ክምሩን መጀመሪያ ጣለው። ከፍ እያለ የሚሄድ ክምር የቁጠባ ምልክት ነው። ሰው ከሩቅ ሲያየው ብድር በመክፈል ገንዘቡ የሚያድግ ይመስለዋል። ቀጥሎ ክቡን። የተቆረሰ ክብ የአንድ ቅጽበት ድርሻ ያሳያል፤ የብድር አከፋፈል ደግሞ በጊዜ የሚሄድ ነገር ነው። ደግሞም ከ2,360 ውስጥ 360 ከስድስት ተኩል አንድ ያህል ነው። ያን ቁራሽ በዓይን ለክቶ ብር የሚያወጣ ሰው የለም።

ሦስተኛው ዘንጎቹ ናቸው። ልኬቴን ከዜሮ ሳይሆን ከ2,000 እንደጀመርኩ አየ። እኔ ያደረግኩት ልዩነቱ እንዲታይ ብዬ ነው። ግን ምን ሆነ? የመጀመሪያው ወር 2,360 ሆኖ ከመስመሩ በላይ 360 ቁመት አለው። የመጨረሻው 2,030 ሆኖ 30 ቁመት አለው። በዓይን ሲታይ የመጨረሻው ክፍያ ከመጀመሪያው 12 ጊዜ ያነሰ ነው። በእውነቱ ግን ልዩነቱ 330 ብር ነው። መጨረሻ ላይ ጥቂት ብር ይበቃኛል ብሎ እጁን ያላላ ተበዳሪ፣ 12ኛው ወር ላይ 2,030 ሲጠየቅ ማንን ይሰድባል ብሎ ጠየቀኝ። ቃሉ ትንሽ ሻካራ ነበር። ግን ማስመሪያ አውጥቼ ለካሁ፤ ልክ ነው።

ምላሽ 9 ባጃጅ የሚነዳ ሰው ነው። እሱ ስለ ሥዕል ደንታ የለውም፤ የራሱን ታሪክ ይዞ መጣ። ከሌላ ቦታ በፍላት ተበድሮ ሰባት ወር ከፈለ። ከዚያ ከቤተሰብ ገንዘብ አገኘና ልዝጋው ብሎ ሄደ። የቀረው የአምስት ወር ዋና ብቻ መስሎት ነበር። የአምስቱን ወር ወለድም ጨምረው ጠየቁት። ውሉን አውጥቶ ሲያይ ጠቅላላው ወለድ ከመጀመሪያው ተደምሮ በአንድ ቁጥር ተጽፏል፣ ፈርሟል። ንዴቱ አልበረደለትም። ጥያቄው ግን የክሩን መጨረሻ የወሰነ ነው። ከጊዜው በፊት የሚዘጋ ሰው ፖስተርሽ ላይ የት አለ አለኝ። የትም የለም።

በምላሽ 10 ላይ መምህሩ ከላይ ያልኩትን ከጻፉ በኋላ ባጃጅ ነጂውን ስለ ቤንዚን ጠየቁት። ምላሽ 11 ሰልፉ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚያዝ አብራራ። በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ እውቀት ተገልጿል፤ አልፌዋለሁ።

ምላሽ 12 አካውንቲንግ የተማረ ወጣት ነው። ሁላችንንም አሮጌ ዘመን ላይ እንዳለን አድርጎ ጀመረ። ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ረስታችኋል አለ። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ይታሰባል፣ ክፍያው ግን በየወሩ እኩል ይሆናል። ብዙ ባንክ ለደመወዝተኛ የሚሰጠው ይህን ነው። በኤክሴል አንድ መስመር ነው ብሎ ለጠፈው።

```
=PMT(0.18/12,12,-24000)
```

2,200.32 ይወጣል። እኔም ሞከርኩት። መጀመሪያ ወር ላይ 360ው ወለድ ነው፣ የቀረው 1,840 ገደማ ከዋናው ይቀንሳል። ከወር ወር ወለዱ ያንሳል፣ ዋናው ይጨምራል፣ ድምሩ አይነቃነቅም። ልጁ አንድ ጥሩ ነገር ጨመረ። 32ቱን ሳንቲም ትቶ በየወሩ 2,200 የሚያስከፍል ቢሮ፣ የመጨረሻው ወር ላይ 2,204.17 ይጠይቃል። የቀሩት ሳንቲሞች ከነወለዳቸው እዚያ ይጠራቀማሉ። አራት ብር ምንም አይደለም። ግን ፖስተሩ 12 እኩል ሳጥን አሳይቶ ደረሰኙ ሌላ ካለ፣ ሰው ፖስተሩን ማመን ይተዋል። የመጨረሻው ሳጥን የራሱ ቁጥር ይኑረው አለ።

ጋሼ እዚህ ላይ በራሳቸው ተራ ሳይሆን በልጁ ሥር አጭር ቃል አከሉ። እኩል ክፍያ ላይ ስድስት ከፍሎ ግማሹን የጨረሰ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ቀሪው ግን ከ12,500 ብር በላይ ነው።

ምላሽ 13 የማተሚያ ቤት ልጅ ነው። አጂፕ አካባቢ ይሠራል፣ ሥራዬን ብዙ ጊዜ ያተመልኝ እሱ ነው። ሁላችንም ያላሰብነውን አመጣ። ማኅበሩ አንድ ባለቀለም ያሳትማል፣ ከዚያ ለቀበሌ ቡድኖች በፎቶ ኮፒ ያባዛል። የኔ ዋናው አረንጓዴ፣ ወለዱ ቀይ ነው። ኮፒ ሲደረግ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። አባዝቶ ፎቶውን ላከልኝ። እውነትም አንድ ጥቅጥቅ ያለ ዘንግ ብቻ ነው የሚታየው። ዋናውን ጥቁር ሙዪው፣ ወለዱን ነጭ አድርገሽ ሰያፍ መስመር ስጪው አለኝ። ላሚኔሽኑንም ተይው፤ የቢሮው አምፖል ያንጸባርቅበታልና ወረፋ ላይ የቆመ ሰው ብርሃን ብቻ ነው የሚያየው። የኦሮምኛው ጽሑፍ በቁቤ ሲጻፍ ከአማርኛው እንደሚረዝምም አስታወሰኝ። ሳጥኖቹን በአማርኛው ልክ ቆርጬ ነበር። አሁን መጀመሪያ የኦሮምኛውን አስገባለሁ፣ አማርኛው ይተርፈዋል።

ምላሽ 14 ለእኔ ከሁሉም የበለጠችው ናት። ባንክ ውስጥ የምትሠራ እህት ናት። ሁለተኛው ደረጃ ላይ በየወሩ በ10 ይክፈሉ ብዬ ጽፌ ነበር። የየትኛው ወር 10 አለችኝ። ብዙ የብድር ሶፍትዌር የሚሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ግንቦት 10 የተጀመረ ብድር በፈረንጅ 18ኛው ቀን ነው። ሶፍትዌሩ በየወሩ 18 ላይ ይቆጥራል። ያ ቀን በእኛ ሰኔ 11፣ ሐምሌ 11፣ ነሐሴ 12 ይሆናል። ከዚያ ጳጉሜን አልፎ መስከረም ላይ 8 ይሆናል። ተበዳሪዋ በ10 መስሏት መስከረም 10 ትመጣለች። ሁለት ቀን አርፍዳለች። ቅጣቱን ስትሰማ ግራ ይገባታል፤ ቢሮውም ግራ የገባት ለምን እንደሆነ አይገባውም።

ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢያዝስ? ያኔ ጳጉሜን ትመጣለች። ከነሐሴ 10 እስከ መስከረም 10 ድረስ አብዛኛውን ጊዜ 30 ሳይሆን 35 ቀን ነው። ወለድ በቀን የሚቆጥር አበዳሪ፣ 16,000 ብር ቀሪ ዕዳ ላይ ዓመቱን 360 ቀን አድርጎ ካሰላ፣ በቀን 8 ብር ይመጣል። አምስቱ ቀን 40 ብር ናቸው። ወሩ ላይ 240 የሚጠበቀው ወለድ 280 ይሆናል። በወር የሚቆጥር ደግሞ ጳጉሜንን ይዘላታል። የትኛው እንደሆነ የሚነግራት ውሉ ነው። ስለዚህ ቀን በቃል አትጻፊ፤ ባዶ ሳጥን ተይና የብድር ሠራተኛው ለእያንዳንዷ የራሷን ቀን በእጁ ይጻፍላት አለች። 12 ቀን መጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ምላሽ 15 ጥያቄውን ወደ ሌላ ወሰደው። ጅማ ውስጥ ከደንበኞቹ ብዙዎቹ ወለድ የሚባለውን ቃል ማየት አይፈልጉም፣ ስለ ከወለድ ነጻውስ ምን ታስቢያለሽ አለኝ። ሙራባሃን አነሳ። አበዳሪው ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ይሸጥልሃል፤ ዋጋው መጀመሪያ ቀን ይታወቃል፣ ከዚያ ከፋፍለህ ትከፍላለህ። ምላሽ 16 ሳይጨርስ ተነሳበት። ከፍላቱ በምን ይለያል፣ ያው አይደለም ወይ የሚል ነው፤ አጻጻፉ ግን ከዚህ የከፋ ነበር። 15ኛው ተናደደ። ጥቂት መስመር ተሰዳደቡ፤ ሁለቱንም አጠፋሁት። ጋሼ በምላሽ 17 ገላገሏቸው። በወረቀት ላይ ዘንጎቹ ይመሳሰላሉ፣ ሁለቱም እኩል ናቸው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። አንደኛው የገንዘብ ብድር ነው፣ ሌላው የዕቃ ሽያጭ ነው። የተስማሙበት ዋጋ ገዢው ስላረፈደ አይጨምርም። ስለዚህ ፖስተሩ ላይ ወለድ የሚለውን ፍቆ ትርፍ ብሎ መተካት ማታለል ነው፤ የራሱ ፖስተር ይሠራለት አሉ። 15ኛው አልረካም፣ ግን ዝም አለ።

ምላሽ 18 አጭር ነው። አባቱ ቡና ገበሬ ናቸው። 12 እኩል ሳጥን ለነጋዴና ለደመወዝተኛ እንጂ ለእኛ አይደለም ይላል። ቡና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው የሚለቀመው፣ በሐምሌ ማን ኪስ ውስጥ 2,360 አለ? ትክክል ነው። ግን ማኅበሩ ያዘዘኝ ለገበያ ነጋዴዎች ነው። ፖስተሩ አናት ላይ በየወሩ ለሚከፍሉ የሚል ቃል ጨመርኩ።

ምላሽ 19 የራሴ ነው። ማኅበሩ ቢሮ ሄጄ የጋሼን ጥያቄ ጠየቅኩ። የብድር ሠራተኛው ካልኩሌተር አውጥቶ 24,000 በ18 በመቶ አባዛና ለ12 አካፈለ። ፍላት ነው። እያጠሩ የሚሄዱት ዘንጎቼ በሙሉ ውሸት ነበሩ።

ምላሽ 20 ያው የአዲስ አበባው ባልደረባዬ ነው። ይህንን ሳትጠይቂ ማን ቀለም ምረጪ አለሽ አለኝ። የሠርግ ካርድ ላይ የሙሽራውን ስም ሳይጠይቁ መሣል ማለት ነው ብሎ ቀጠለ። ተናድጄ መልስ ጽፌ ነበር። ሳልልከው አጠፋሁት።

አዲሱን ከባዶ ጀመርኩ። አናቱ ላይ በትልቁ በየወሩ 2,360 ብር ይላል። ከሥሩ አንድ ዘንግ ብቻ። 2,000ው ጥቁር ሙሉ፣ 360ው ሰያፍ መስመር። ልኬቱ ከዜሮ ይጀምራል። ከዚያ 12 ሳጥን፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ቀን የሚጻፍበት መስመርና የቀረው ዕዳ። ተበዳሪዋ ከፍላ ስትወጣ ምልክት ታደርግበታለች። ግርጌው ላይ የወሰዱት 24,000፣ የሚመልሱት 28,320 የሚል አለ። ሥራ አስኪያጁ ይህ መስመር ትንሽ ይነስ አለኝ። አላሳነስኩትም፤ ገና እየተከራከርን ነው። መክፈል ያቃተው ሰው ከቀኑ በፊት መጥቶ ይናገር የሚለውንም የስልክ ሳጥን ጨመርኩ። ፈገግ ያለችው ሴት ወጥታለች።

ቅመም ሻጯ ጋ ይዤ ተመለስኩ። ጣቷ ወዲያው 2,360 ላይ አረፈ። ከዚያ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። ስድስተኛው ላይ ቆመች። እዚያ 12,000 ብዬ ጽፌያለሁ፣ የዋናው ግማሽ። ለበዓል ጥሩ ብትሸጥና ያን ቀን ልዝጋው ብትል 12,000 ይዛ ትምጣ ወይ? ባጃጅ ነጂው ትዝ አለኝ። ጠቅላላው ወለድ የግድ የሚከፈል ከሆነ፣ የቀረው 14,160 ነው። የ28,320 ግማሽ ማለት ነው። ሁለቱም ቁጥር በአንድ ሳጥን አይገባም።

ምላሽ 21 ላይ ይህንኑ ጠየቅኩ። ጋሼ ውሉንና የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ እይ አሉኝ። ደንቡ ቀድሞ ስለሚዘጋ ሰው ምንም አይልም። ሥራ አስኪያጁ ለኮሚቴው አቀርባለሁ ብሏል። እስከዚያው የማተሚያ ቤቱ ልጅ ወረቀቱን ቆርጦ አስቀምጧል። ስድስተኛው ሳጥን ባዶ ነው።